ሶማሌላንድ አገር ናት ወይስ አይደለችም? ስለ አገርነት መመዘኛና ስለ ዕውቅና

  የዛሬው ዝግጅታችን በዓለም አቀፍ ሕግ ውስጥ ብዙ ያነጋገረና ዛሬም ያልተቋጨ አንድ ጥያቄ ይመለከታል። አንድ ሕዝብ ከነበረበት አገር ተነጥሎ «ከእንግዲህ ራሴን የቻልኩ አገር ነኝ» ሲል አገር የሚሆነው መቼ ነው? ያን ቃል በተናገረበት ቀን ነው ወይስ ሌሎች መንግሥታት «አዎ፣ ነህ» ሲሉት?

ነገሩን ከራሳችን አካባቢ እንጀምር። ከ1910ዎቹ መጨረሻ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዳንግላ ከተማ ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር። ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን ይባላል፤ ጣናንና ዓባይን ዞሮ በማጥናትና ካርታ በማንሳት የታወቀ ሰው ነው። ቆንስል ማለት አንድ መንግሥት በሌላ መንግሥት ፈቃድ በዚያ ግዛት ውስጥ የሚያስቀምጠው ሹም ነው። እንግሊዝ ዳንግላ ላይ ቆንስል ለማስቀመጥ የአዲስ አበባን ፈቃድ ማግኘት ነበረባት። ያን ፈቃድ ስትጠይቅ «ይህ ምድር የኢትዮጵያ ነው፣ ኢትዮጵያም መንግሥት አላት» ብላ መቀበሏ ነው። ዕውቅና ማለት በተግባር ይህን ይመስላል። ጠያቂው የመቀበል ሐሳብ ካለው፣ አዋጅና ነጋሪት ሳያስፈልገው፣ ከማን ፈቃድ እንደተጠየቀ አይቶ መለየት ይቻላል።

አሁን ወደ መመዘኛው እንግባ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1926 ዓ.ም. የአሜሪካ አህጉር መንግሥታት በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ አንድ ስምምነት ፈረሙ። የስምምነቱ አንቀጽ 1 አንድ አገር በዓለም አቀፍ ሕግ አገር እንዲባል አራት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላል፤ ቋሚ ሕዝብ፣ የተወሰነ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ግንኙነት የመመሥረት ዐቅም። የፈረሙት የአሜሪካ አገሮች ብቻ ቢሆኑም ዛሬ በየትኛውም አህጉር ስለ አገርነት የሚከራከር የሕግ ሰው መነሻው እነዚህ አራቱ ናቸው። አንቀጽ 3 ደግሞ የአንድ አገር ፖለቲካዊ ህልውና በሌሎች መንግሥታት ዕውቅና ላይ የተመሠረተ አይደለም ይላል።

በዚህ በአንቀጽ 3 የሚስማሙት ሊቃውንት የገላጭ ንድፈ ሐሳብ ደጋፊዎች ይባላሉ። በእነሱ አስተያየት አራቱ ነገሮች ከተሟሉ አገሩ አለ፤ የሌሎች ዕውቅና ያለውን ነገር ከመግለጽ ያለፈ ሥራ የለውም። ሁለተኛው ወገን የመሥራች ንድፈ ሐሳብ ይባላል። እሱ እንደሚለው በዓለም አቀፍ ሕግ ፊት መብትና ግዴታ ያለው አካል የሚወለደው በዕውቅና ነው፤ ዕውቅና ያላገኘ አካል መሬትና ሠራዊት ይኑረው እንጂ የሕግ ሰውነት የለውም።

የሁለቱን ልዩነት ለመያዝ አንድ ገበሬ አስቡ። መሬቱን ለዓመታት ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ግን በእጁ የለም። «ገበሬው ባለመሬት ነው፣ ደብተሩ የሚመሰክረው ያለውን ነው» የሚል አለ። «ደብተር ከሌለህ በፍርድ ቤት አትቆምም፣ በመሬቱ አትበደርም፣ አዋሳኝህ ሲገፋህ ማስረጃ የለህም» የሚልም አለ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ አንደኛው የተናገረው ስለ እርሻው ነው፣ ሌላው ስለ ፍርድ ቤቱ። በእኔ እምነት በሁለቱ ንድፈ ሐሳቦች መካከል ያለው ጠብ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በራሳችን ታሪክ የሆነ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ጣልያን አገራችንን ከመውረሩ በፊት የኢትዮጵያ የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን መሥሪያ ቤት ከአንድ የለንደን ኩባንያ ጋር የራዲዮ ቴሌግራፍ ውል ነበረው። ኩባንያው ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ይባላል። በውሉ መሠረት ለኢትዮጵያ መከፈል የነበረበት ከ10 ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ ተጠራቀመ። በዚህ መሀል ጣልያን አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው እንግሊዝ አገር ተቀመጡ። ንጉሡ «የመንግሥቴ ገንዘብ ነውና ይከፈለኝ» ብለው በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱ። ኩባንያው ዕዳውን አልካደም፤ «የምከፍለው ለማን ነው?» ነበር ጥያቄው።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሻ ምስክር አልሰማም፣ ማን የትኛውን ከተማ እንደያዘም አልመረመረም። የራሱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጠየቀ። ሚኒስቴሩም ጣልያን አገሩን በተግባር እንደያዘ እንቀበላለን፣ በሕግ ግን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብለን የምናውቀው ኃይለ ሥላሴን ነው ብሎ መለሰ። በዚህ መሠረት በ1930 ዓ.ም. ክረምት ፍርድ ቤቱ ለንጉሡ ፈረደ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ገና ሳይታይ፣ በኅዳር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የጣልያንን ንጉሥ በሕግም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ዕውቅና ሰጠ። በዚያው ኅዳር ማብቂያ ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የቀድሞውን ፍርድ ሻረ፤ ገንዘቡም የጣልያን ንጉሥ ነው ተባለ። የተለወጠው የለንደን መንግሥት ቃል እንጂ የኢትዮጵያ ምድር አልነበረም።

እዚህ ላይ ጎጃምን አስቡ። ዳንግላና እንጅባራ ላይ የጣልያን ጦር ሰፍሮ ነበር፤ ከምሽጉ ወጣ ሲባል ግን አገሩ የአርበኛው ነበር። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በዐመፅ ተነሥቶ ስለነበር ጣልያን ከከተሞቹ ውጭ ያለ ብዙ ጦር መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። እንግሊዝ «በሕግ የጣልያን ነው» ያለችው ጎጃም በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው። መለኪያው መሬት ላይ ያለው እውነት ቢሆን ኖሮ ያ ዕውቅና ባልተሰጠ ነበር። በአንጻሩ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የጣልያንን ወረራ እስከ መጨረሻው አላወቁም። ስለዚህ በአንድ ዓመት፣ ስለ አንድ አገር፣ ዋሽንግተን ሌላ መልስ ነበራት፣ ለንደን ሌላ። የመሥራች ንድፈ ሐሳብ ትልቁ ድክመት ይህ ነው። አገርነት ከዕውቅና የሚወለድ ከሆነ ያው አገር በአንዱ ደጃፍ ሕያው፣ በሌላው ደጃፍ ሙት ሊሆን ነው። የገላጩም ድክመት እዚያው ፍርድ ቤት ውስጥ ታየ፤ ሐቁ የአርበኛው ቢሆንም ከ10 ሺህ ፓውንድ የሚበልጠው ገንዘብ የተፈረደው ለሮም ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣልያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቀቀ፤ ንጉሡ በበላያ በኩል በጎጃም አልፈው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። እንግሊዝም ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያን ነጻ አገር ብላ መልሳ ተቀበለች።

እስካሁን ያየነው የወረራ ጉዳይ ነው። መገንጠል ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚያ ሁለቱም ወገኖች ባለአገር ነን ይላሉ። ለዚህ ከጎረቤታችን ከሶማሌላንድ የተሻለ ምሳሌ የለም። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. እጇን ያስገባችበት ጉዳይ ነው።

ሶማሌላንድ ድሮ የእንግሊዝ ሶማሊያ የሚባለው ነው፤ ሐርጌሳ፣ በርበራ፣ ቡርዖ ያሉበት። ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ነጻነቱን አገኘ። በዚያ ዕለት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ክርስቲያን ኸርተር የደስታ መልእክት ልኳል። አምስት ቀን ቆይቶ፣ ሰኔ 24፣ በጣልያን ሞግዚትነት ሥር ከነበረችው ከደቡቧ ሶማሊያ ጋር ተዋሐደ። ውሕደቱ ከመጀመሪያው የሕግ ጉድለት ነበረበት፤ የሐርጌሳ ምክር ቤት ያጸደቀው የውሕደት ሕግና ሞቃዲሾ ላይ የተቀበሉት ጽሑፍ አንድ አልነበሩም። በቀጣዩ ዓመት በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ በሰሜን ብዙ ሰው ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ፤ ከሰጡትም መካከል የሚበዙት ተቃወሙ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በ1980 ዓ.ም. የሆነው ነው። የዚያድ ባሬ መንግሥት የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄን ለመምታት ብሎ የራሱን ከተማ ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ደበደበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሐርትሼክ መጠለያ ጎረፈ። ይህን ሁሉ ያለፉት የሰሜን ሽማግሌዎችና ተዋጊዎች ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ቡርዖ ላይ ተሰብስበው በ1952 የነበረውን ነጻነታቸውን መልሰው መውሰዳቸውን ዐወጁ።

እንግዲህ አራቱን መመዘኛዎች ይዘን ሐርጌሳ እንሂድ። ቋሚ ሕዝብ መኖሩን የሚክድ የለም። ለመንግሥትነቱ የሚቀርበው ማስረጃም ጠንካራ ነው። የራሱ ሕገ መንግሥት፣ ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ገንዘብና ፓስፖርት አለው። በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ዳሂር ሪያሌ ካሂን ተቀናቃኛቸውን ሲላንዮን ያሸነፉት፣ የምርጫ ኮሚሽኑ እንደገለጸው፣ በ80 ድምፅ ብቻ ነበር። በመላ አገር ምርጫ የ80 ድምፅ ልዩነት ብዙ ቦታ ጠብመንጃ የሚያስነሣ ነው። ሲላንዮ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ተረቱ፣ ተቀበሉ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ደግሞ አሸንፈው ሥልጣን ያዙ። በኅዳር 2017 ዓ.ም.ም እንዲሁ ተቃዋሚው አብዲራህማን ሞሐመድ አብዱላሂ፣ ኢሮ የሚባሉት፣ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ሙሴ ቢሂን በካርድ አሸንፈው ተረከቡ። አንድ መንግሥት በቁሙ መኖሩን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ፈተና አላውቅም።

ግዛት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። ሕጉ ድንበሩ ሁሉ ተለክቶ ይለቅ አይልም፤ መንግሥቱ አጥብቆ የያዘው አንድ እምብርት ካለ ይበቃል። ስለዚህ ዳር ላይ ያለ የድንበር ክርክር ብቻውን አገርነትን አያፈርስም። ሶማሌላንድ «ግዛቴ በ1952 ነጻ ስወጣ የነበረው ነው» ትላለች። በምሥራቅ በኩል ግን በሱል ክልል ላስ አኖድ የምትባል ከተማ አለች። በ2015 ዓ.ም. የዱልባሃንቴ ጎሳ ሽማግሌዎች «እኛ ከሞቃዲሾ ጋር ነን፣ ከሐርጌሳ ጋር አይደለንም» አሉ። የሶማሌላንድ ጦር ከተማዋን በመድፍ መታ፤ ለወራት ውጊያ ሆነ፤ በነሐሴ ወር ጦሩ ዋና ሰፈሩን ተነጥቆ አፈገፈገ። ከዚያ ወዲህ ሐርጌሳ በካርታዋ ላይ የያዘችውን ምሥራቃዊ ክፍል በእጇ አልያዘችውም።

አራተኛው፣ ከሌሎች ጋር ግንኙነት የመመሥረት ዐቅም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሌሎች ግንኙነት ይፈልጋሉ ወይ ማለት አይደለም፤ የሌላ መንግሥት የበላይነት ሳያግደው በራሱ ይዋዋላል ወይ ነው ጥያቄው። ሶማሌላንድ የበርበራን ወደብ ለማስተዳደር ዲፒ ወርልድ ከሚባለው የዱባይ ኩባንያ ጋር ሞቃዲሾን ሳታስፈቅድ ተዋውላለች። ሞቃዲሾ ተቃወመች፤ ወደቡ ግን ተሠርቶ ሥራ ላይ ነው። በሌላ በኩል በሐርጌሳ ሰማይ ላይ የሚያልፍ አውሮፕላን የሚያናግረው ሞቃዲሾን ነው፤ ምክንያቱም የዓለም የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሚያውቀው እሷን ነው።

ስለዚህ በገላጩ ንድፈ ሐሳብ ብንሄድ ሶማሌላንድ በምሥራቅ ግዛቷ በኩል ጥያቄ ያለባት፣ በቀረው መመዘኛውን የምታሟላ አገር ትመስላለች። ታዲያ ለምን ከ30 ዓመት በላይ በሩ ተዘጋባት? ለዚህ መልሱን የማገኘው የቡርዖው ዐዋጅ በወጣበት ሳምንት ከሆነው ከሌላኛው መገንጠል ነው። ቡርዖ ላይ ነጻነት በታወጀ በስድስተኛው ቀን፣ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ሻዕቢያ አሥመራ ገባ። በመሬት ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሁለቱም የቀድሞ ቅኝ ግዛት ወሰን ይዘዋል፣ ሁለቱም ማዕከላዊው መንግሥት ሲወድቅ አገሩን ተቆጣጥረዋል። አሥመራ ግን ወዲያው ነጻነት ዐውጃለሁ አላለችም፣ ሁለት ዓመት ጠበቀች። የኢትዮጵያ የሽግግር መንግሥት ሕዝበ ውሳኔውን እንደሚቀበል ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በደብዳቤ አሳወቀ፤ ድርጅቱ ታዛቢ ላከ፤ ሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ፤ ግንቦት 20 ቀን 1985 ዓ.ም. ኤርትራ የድርጅቱ አባል ሆነች። ያ ውሳኔ ለኢትዮጵያ ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ክርክር በየቤታችን ዛሬም አላበቃም፤ ብዙ ሰው በሐዘን ያነሣዋል፣ ሐዘኑም ይገባኛል። በሕግ ዓይን ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። የቀድሞው አገር «እሺ» ሲል ዕውቅና መስጠት ማንንም አያስከፋም። «እሺ» ካላለ ግን ዕውቅና የሚሰጥ ሁሉ በሌላ አገር የውስጥ ጉዳይ ገባ ተብሎ ይከሰሳል። ሐርጌሳን «እሺ» የሚላት መንግሥት አልነበረም፤ ሞቃዲሾ ራሷ ፈርሳ ነበርና። መንግሥት ሲቆም ደግሞ መልሷ «እንቢ» ሆነ።

አፍሪካ ውስጥ ይህ «እንቢ» ይበልጥ ይከብዳል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ከነጻነት ጊዜ የወረስናቸውን ድንበሮች እናከብራለን ብሎ ወሰነ። ሶማሊያ ያን ጊዜ ውሳኔውን አልተቀበለችም፤ የኢትዮጵያንና የኬንያን መሬት ትጠይቅ ነበርና። ዛሬ ግን አንድነቷን ለመከላከል የምትጠራው የአህጉሩን የድንበር መርሕ ነው። ሶማሌላንድም በበኩሏ ይህንኑ መርሕ ለራሷ ታውለዋለች፤ «በነጻነት ጊዜ የነበረው ድንበር የኔ ነው፣ አዲስ መስመር አላሰመርኩም» ትላለች። የአፍሪካ ኅብረት በ1997 ዓ.ም. የላከው አጣሪ ቡድንም ይህን ክርክር በቁም ነገር ወስዶት ነበር፤ የሶማሌላንድ ታሪክ ከሌሎች የመገንጠል ጥያቄዎች የተለየ እንደሆነ ጽፏል። ኅብረቱ ግን ሪፖርቱን ተከትሎ አልሄደም።

በሩ እንዲህ ተዘግቶ ሳለ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። የሰነዱ ሙሉ ቃል ለሕዝብ አልወጣም። ሐርጌሳ እንደገለጸችው ኢትዮጵያ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ጠረፍ ለ50 ዓመት በኪራይ ታገኛለች፣ በምላሹም ለሶማሌላንድ ዕውቅና ትሰጣለች። የኢትዮጵያ መንግሥት መግለጫ ግን ሌላ አነጋገር ነበረው፤ ዕውቅናን በተመለከተ አቋም ለመውሰድ ጥልቅ ግምገማ ይደረጋል የሚል። አድማጮች ሆይ፣ እነዚህን ሁለት አነጋገሮች ለይታችሁ ያዙ። አንደኛው ዕውቅና ነው፤ ሁለተኛው ስለ ዕውቅና ማሰብ ነው። ዕውቅና በሕግ የሚጸናው ሰጪው የመስጠት ሐሳብ ሲኖረው ነው። ኢትዮጵያ ሐርጌሳ ላይ ለዓመታት ቆንስላ ነበራት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደዚያ ይበር ነበር፤ ይህ ሁሉ ዕውቅና አልተባለም፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ በዚህ ሥራዋ «አገር ናችሁ» ማለት አልፈለገችም። ሰነድ መፈራረሙም እንደዚሁ ነው። ሁለቱ መንግሥታት እንደ እኩያ ሉዓላዊ አገር መሬትና ባሕር የሚያስተላልፍ ሙሉ ውል ቢዋዋሉ ኖሮ «በተዘዋዋሪ ዐውቃለች» ለማለት ይቻል ነበር፤ ሰነዱ ግን እዚያ ሳይደርስ ቀረ።

ሞቃዲሾ ግን የውሉን ፍጻሜ አልጠበቀችም። በአምስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 27፣ ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼኽ ሞሐሙድ ሰነዱን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ ፈረሙ። አንድ ዓመት ያህል ሲካረር ከርሞ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በቱርክ አደራዳሪነት የአንካራው መግለጫ ወጣ። በዚያ ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንዳቸው የሌላውን ሉዓላዊነት፣ አንድነትና የግዛት ወሰን እንደሚያከብሩ አረጋገጡ፤ ኢትዮጵያ የምታገኘው የባሕር መውጫም በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር እንዲሆን ተስማሙ። ይህ ዐረፍተ ነገር ለሐርጌሳ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በርበራ ላይ ያለውን ሐቅ አንድ ኪሎ ሜትር አላንቀሳቀሰም፤ የሕጉን በር ግን በኢትዮጵያ በኩል መልሶ ዘጋው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም. እስራኤል ሶማሌላንድን ነጻ አገር ብላ ዐወቀች፤ ከተባበሩት መንግሥታት አባላት የመጀመሪያዋ ሆነች። የአፍሪካ ኅብረት ወዲያው ተቃወመ። እንግዲህ ሁለቱን ንድፈ ሐሳቦች በዚህ ላይ ፈትኗቸው። ገላጩ «ዕውቅናው ምንም አልጨመረም፣ አገሩ ከ1983 ጀምሮ አለ» ይላል። መሥራቹ ደግሞ ይቸገራል። አንድ ዕውቅና ይበቃል? አሥርስ? ይህን ያህል ካለ አገር ነው የሚል ቁጥር የትም አልተጻፈም። ቢያፍራ በ1959 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ከተገነጠለች በኋላ አምስት መንግሥታት፣ ታንዛኒያ፣ ጋቦን፣ አይቮሪ ኮስት፣ ዛምቢያና ሄይቲ፣ ዐውቀዋት ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የሽምግልና ኮሚቴ የመሩት የእኛው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ፤ ድርጅቱም ለናይጄሪያ አንድነት ቆመ። የቢያፍራ ጦር ሲሸነፍ የአምስቱም ዕውቅና ሊያድናት አልቻለም። ዕውቅና ኖሮ መሬቱ ከጠፋ አገሩ ይጠፋል። መሬቱ ኖሮ ዕውቅና ካልመጣ ደግሞ እንደ ሐርጌሳ በመካከል መኖር ነው።

ያ በመካከል መኖር ለተራው ሰው ምን ማለት ነው? የሐርጌሳ ነጋዴ ከአገሩ መንግሥት ፓስፖርት ይሰጠዋል፤ ብዙ ኤምባሲ ግን ቪዛ አይመታበትም፣ ስለዚህ የሚቻለው ሁለተኛ ፓስፖርት ይይዛል። መንግሥቱ ከዓለም ባንክና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት በራሱ ስም አይበደርም፤ በአባልነት የተመዘገበችው ሶማሊያ ናት። ቀረጥ ይሰበስባል፣ ወታደር ይከፍላል፣ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ በተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ ግን ስለ እሱ የሚናገረው የሞቃዲሾ አምባሳደር ነው። የገላጩ ንድፈ ሐሳብ ደጋፊ እንደሆንኩ አልደብቃችሁም። የሰው ልጅ በመንግሥት ሥር የሚኖረው በሕይወቱ ነውና፣ ያለን ነገር የለም ማለት ያስቸግረኛል። ነገር ግን ይህን የነጋዴውን ፓስፖርት ሳስብ «ዕውቅና ምንም አይጨምርም» ብሎ መናገር አልችልም።

ንድፈ ሐሳቡን ለብቻው ይዤ እንዳልሄድ የሚያደርገኝ ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ላስ አኖድ ነው። አንድ መንግሥት ነገ ሶማሌላንድን በ1952ቱ ወሰን ቢያውቅ፣ ያ ዕውቅና በሐርጌሳ ሥር አንኖርም ብለው የተዋጉትን የሱልን ሰዎች በወረቀት ወደ ሐርጌሳ ይመልሳቸዋል። በእጇ ባለው መሬት ልክ ቢያውቃት ደግሞ «አዲስ መስመር አላሰመርኩም» የሚለው የሐርጌሳ ትልቁ ክርክር ይፈርሳል፤ ከቅኝ ግዛት የተወረሰ ድንበር መሆኑ ቀርቶ ጎሳ ለጎሳ የተከፈለ ድንበር ይሆናል። የመገንጠልን መብት የጠየቀ መንግሥት ከእሱ መገንጠል የሚሹትን ምን ይበላቸው? ሐርጌሳም ሆነች ሞቃዲሾ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጡም። በሞንቴቪዴዮ አራት መስፈርቶችም ውስጥ መልሱ የለም።